መገጣጠሚያን አትቁረጡ፦ የሰው ፎቶ ሲከረከም ጠርዙ የት ይረፍ?

ዶሮ የምትበልት ሴት ቢላዋውን ዝም ብላ አታሳርፍም። አስቀድማ በጣቷ ዳብሳ መገጣጠሚያውን ታገኛለች፣ ከዚያ እዚያው ላይ ትጫናለች። 12ቱ ብልት አጥንቱ ሳይሰባበር የሚወጣው እንዲህ ነው። ፎቶ የሚከረክም ሰው ሥራም ከዚህ ይጀምራል፤ መገጣጠሚያው የት እንዳለ እንደ እሷ ማወቅ አለበት። የሚፈልገው ግን እንዳይነካው ነው።

ፎቶ ቤት ስሠራ አንዲት ሴት የሟች አባቷን ፎቶ ላሳድግላት አመጣች። አባትየው ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ቀኝ እጃቸውን ወደ ታች ለቀው ቆመዋል። የገዛችው ፍሬም 20 በ25 ሴንቲ ሜትር ስለነበረ ፎቶውን በዚያ ልክ ከረከምኩት። ፊታቸው ጥሩ ቦታ ላይ ስላረፈልኝ ወደ ታች ብዙም አላየሁም። ልትወስድ ስትመጣ አብሯት የነበረው ልጅ ፎቶውን ገና ሲያየው «አያቴ እጁን ምን ሆኖ ነበር?» አለ። የፎቶው የታችኛው ጠርዝ ልክ አንጓቸው ላይ አርፎ ነበር። አዋቂ ሰው ቢሆን ምክንያቱን ሳያውቅ «ምኑ ነው ደስ ያላለኝ?» ብሎ ያልፈው ይሆናል፤ ልጁ ግን ያየውን ተናገረ። እንደገና ሠርቼ ሰጠኋት። ከዚያ ቀን ወዲህ ክሮፕ ሳደርግ ከፊት ቀጥሎ የማየው እጅን ነው።

ለምን መገጣጠሚያ?

ጠርዙ አንድን እጅ ወይም እግር ሲቆርጥ የቀረውን ክፍል ተመልካቹ በሐሳቡ ይሞላል። የሚሞላው ግን የሚከተለው ነገር ሲያገኝ ነው። ጭን መሐል ላይ ብትቆርጡ በግራና በቀኝ ያሉት የጭኑ መስመሮች ገና ወደ ታች እየወረዱ ነው። ዓይን ተከትሏቸው ከፎቶው ውጭ ይወርዳል፣ ጉልበቱም እግሩም ከታች መኖራቸውን አይጠራጠርም። የእጅ አንጓ ወይም ቁርጭምጭሚት ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ክንድ ከክርን ጀምሮ እየቀጠነ ይመጣና አንጓው ላይ ከሁሉ ቦታ ይጠባል፤ እግርም ከባት ተነሥቶ እስከ ቁርጭምጭሚት እንዲሁ ነው። ሁለቱ መስመሮች ሊገናኙ ጥቂት ሲቀራቸው ጠርዙ ይደርስባቸዋል፣ ዓይንም እዚያው ያበቃ አድርጎ ይዘጋቸዋል። ጉቶ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት መገጣጠሚያ መታጠፊያ መሆኑ ነው። ጉልበቱ ላይ የተቆረጠ ሰው ቆሞ ይሁን ተንበርክኮ አይታወቅም። ክርኑ ላይ የተቆረጠ ክንድ ወደ ፊት ይታጠፍ፣ ወደ ኋላ ይሂድ፣ ምንም ፍንጭ የለውም። ከመታጠፊያው ጥቂት አለፍ ብላችሁ የቀጣዩን አካል ጅማሬ ካሳያችሁ አቅጣጫው ይታወቃል፣ ተመልካቹም ያርፋል።

ስለዚህ የማይቆረጡት ቦታዎች የታወቁ ናቸው፦ አንገት፣ ክርን፣ የእጅ አንጓ፣ ጣቶች፣ ጭንና ጭን የሚገናኙበት ቦታ፣ ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት፣ የእግር ጣቶች። ይህን ዝርዝር ብዙ ሰው ሰምቶታል፤ ሰምቶም ይሳሳታል። ምክንያቱም አንድ አግድም መስመር የሚያልፈው በአንድ አካል ላይ ብቻ አይደለም። ለጭኑ ጥሩ የሆነው መስመር በዚያው ከፍታ ላይ ጣቶቹን እየቆረጠ ሊሆን ይችላል። የኔም ስሕተት ከዚህ አይርቅም፦ ፊታቸውን እንጂ እጃቸውን አላየሁም።

የቆመ ሰው መገጣጠሚያዎች የሚሰለፉበት ልክ

መስተዋት ፊት ቀጥ ብላችሁ ቁሙና እጆቻችሁን ወደ ታች ልቀቁ። ክርናችሁ ከወገባችሁ ጋር እኩል ነው። አንጓችሁ ጭንና ጭን ከሚገናኙበት ቦታ ጋር ይስተካከላል። የጣቶቻችሁ ጫፍ ደግሞ ጭን መሐል ገደማ ይደርሳል። «ወገቡ ላይ ቁረጠው» ሲባል ክርን የሚቆረጠው፣ «ጭኑ መሐል ላይ» ሲባልም ጣት የሚቆረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

በቁጥር እንየው። ቁመቱ 170 ሴንቲ ሜትር የሆነ አዋቂ ሰው እጁን ለቆ ሲቆም፣ ከወለሉ ተነሥተን ብንለካ ቁርጭምጭሚቱ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ጉልበቱ 48፣ የጣቶቹ ጫፍ 64፣ አንጓው 82፣ ክርኑ 107፣ ትከሻው 139፣ አገጩ 148። ከሰው ሰው ጥቂት ይለያያል፣ ቅደም ተከተሉ ግን አይለወጥም። በልብስ ሰፊ ሜትር ራሳችሁን ብትለኩ ልዩነቱ የጥቂት ሴንቲ ሜትር መሆኑን ታያላችሁ።

በእነዚህ ቁጥሮች መሐል ነው ደኅናው ቦታ ያለው። ከላይ ስንጀምር፣ በትከሻና በክርን መካከል ደረት ላይ መቁረጥ ይቻላል፤ ክንዱ ላይኛው ጡንቻ መሐል ላይ ይቆረጣል፣ ምንም መገጣጠሚያ አይነካም። ሴት ከሆነች መስመሩን ከጡት ሥር ዝቅ አድርጉት፤ ጡት መሐል ላይ ያረፈ ጠርዝ ዓይንን ያለ ቦታው ይስባል። ቀጥሎ በክርንና በአንጓ መካከል፣ ከወገብ ጥቂት ወረድ ብሎ፣ 95 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ላይ መቁረጥ ይቻላል። እዚያ ላይ እጅ ባይታይም ክንዱ ወደ ታች መቀጠሉ ግልጽ ነው።

ሦስተኛው ቦታ በጣት ጫፍና በጉልበት መካከል ነው። በዚህ ሰው ላይ ከ48 እስከ 64፣ ማለትም 16 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ጠባብ መሆኑን ልብ በሉ። መሐሉ 56 ላይ ነው፤ ይህም ከጭን መሐል ዝቅ ያለ ቦታ ነው። ፊልም የሚሠሩ ሰዎች ከጭን ጀምሮ ያለውን አነሣስ «የአሜሪካ ሾት» ይሉታል፤ በካውቦይ ፊልሞች ተኳሹ ጭኑ ላይ ያንጠለጠለው የሽጉጥ ማኅደርና እጁ አብረው እንዲታዩ ተብሎ የተለመደ ነው። እኛ ሽጉጥ ባይኖረንም እጅ አለን፣ ስለዚህ ልኩ ያገለግለናል።

አራተኛው ባት ላይ ነው፤ ከጉልበት በታች፣ ባቱ ወፍራም ከሆነበት ቦታ እስከ ቅልጥሙ መሐል። ከዚያ ወደ ታች እየሄዳችሁ ቁርጭምጭሚቱን አትጠጉ። እውነቱን ለመናገር ይህን ቦታ የምመርጠው ሌላ ሳጣ ነው። ሰውየው እስከ ባቱ ከታየ ጫማውንም ለምን አላሳያችሁም የሚል ስሜት ይተዋል። አምስተኛው አለመቁረጥ ነው፦ ሰውየው ሙሉ ሆኖ ከጫማው በታችም መሬት እንዲታይ መተው።

አንድ ፎቶ እንከርክም

የሠርግ ፎቶ ነው፤ ሚዜው በሙሉ ልብስ ብቻውን ቆሞ ተነሥቷል። ግራ እጁ ወደ ታች ተለቋል፣ ቀኝ እጁ ሱሪ ኪሱ ውስጥ ነው። ካሜራው ቆሞ ስለተያዘ ፎቶው ወርዱ 4000፣ ቁመቱ 6000 ፒክሰል ነው። ሚዜው ለኢንስታግራም 4 ለ5 በሆነ ልክ ይፈልገዋል፤ በዚያው ልክ 20 በ25 ሴንቲ ሜትር አሳትሞ ለቤተሰቡ ሊሰጥም አስቧል።

አንደኛ፣ ሳትቆርጡ ምልክቶቹን ፈልጉ። በኮምፒውተር Lightroom Classic ላይ `R` ስትጫኑ፣ በስልክ ደግሞ `Crop` የሚለውን ስትነኩ መስመሩ ይመጣል። ወዲያው አትጎትቱት። ከላይ ወደ ታች እየተጓዛችሁ መገጣጠሚያዎቹ የት እንዳሉ እዩ። በዚህ ፎቶ ላይ ከላይኛው ጠርዝ ስንቆጥር የራሱ አናት 400 ፒክሰል ላይ፣ የጫማው ታች 5700 ላይ ነው። ሰውየው 5300 ፒክሰል ይረዝማል ማለት ነው። ክርኑ 2360፣ አንጓው 3130፣ የጣቱ ጫፍ 3700፣ ጉልበቱ 4200፣ ቁርጭምጭሚቱ 5490 አካባቢ ይገኛል። በሥራ ላይ እያንዳንዱን ፒክሰል መቁጠር አያስፈልግም፣ በዓይን መለየት ይበቃል። ሱሪ ጉልበትን ይሸፍናል፤ ግን ጨርቁ የሚጨማደድበትና እግሩ ጥቂት ጎበጥ የሚልበት ቦታ ያሳብቅበታል።

ሁለተኛ፣ ሙሉውን ማስቀረት ይቻል እንደሆነ ፈትሹ። ወርዱን 4000 እንዳለ ብንተወው 4 ለ5 ማለት ቁመቱ 5000 ይሆናል። ሰውየው ግን ብቻውን 5300 ነው። ስለዚህ ሙሉ ሰው በዚህ ልክ አይገባም። ከአናቱ በላይ 100 ፒክሰል ትተን ከ300 ብንጀምር መስመሩ 5300 ላይ ያርፋል፤ ከቁርጭምጭሚቱ 190 ፒክሰል ብቻ ከፍ ይላል። እግሩ ቀጥኖ ሊያልቅ ሲል የተቆረጠ ይመስላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቆማል፣ ምክንያቱም ፕሮግራሙ በራሱ የሚሰጠው ትልቁ ክሮፕ ይኸው ነው። «ጫማው ብቻ ነው የቀረው» ብለው ይተዉታል። ጫማ ብቻ የጎደለው ሰው ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። ጥቂት ሲቆረጥ ስሕተት ይመስላል፤ በደንብ ሲቆረጥ ግን ታስቦበት እንደሆነ ይታያል።

ሦስተኛ፣ ወደሚቀጥለው ደኅና ቦታ ውጡ። ጭን መሐል ላይ ልንቆርጥ ብናስብ መስመሩ 3550 ገደማ ላይ ይሆናል። ለእግሩ ጥሩ ነው። የግራ እጁ ጣቶች ግን እስከ 3700 ይወርዳሉ፣ ስለዚህ ጫፋቸው ይቆረጣል። ጣት ሲቆረጥ ከእግር ይልቅ ያማል፤ ተመልካች ከፊት ቀጥሎ የሚያየው እጅን ነውና። መስመሩን ዝቅ አድርገን 3850 ላይ እናሳርፈው። አሁን ከጣቶቹ በታች 150 ፒክሰል አየር አለ፣ ጉልበቱም ገና 350 ፒክሰል ይርቃል። ለሁለቱም ደኅና የሆነው መስመር ይህ ነው።

አራተኛ፣ ከታች ተነሥታችሁ ላዩን ወስኑ። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ ራሱን ያስተካክልና ታችኛው ጠርዝ የትም ይውደቅ ብሎ ይተዋል፤ እኔም ያኔ ያደረግሁት ይህንን ነው። የታችኛውን መስመር አስቀድማችሁ ትከሉ። ከ3850 ተነሥተን ከአናቱ በላይ 250 ፒክሰል ብንተው የላይኛው ጠርዝ 150 ላይ ይሆናል። ቁመቱ 3700 ሆነ፤ 4 ለ5 ስለሆነ ወርዱ 2960 ይሆናል። በ20 በ25 ሴንቲ ሜትር ሲታተም በአንድ ኢንች 376 ፒክሰል ገደማ ይደርሰዋል። ለጥሩ ኅትመት 300 ስለሚበቃ መከርከሙ ጥራቱን አልጎዳውም።

አምስተኛ፣ ጎኖቹን እዩ። ቀኝ እጁ ኪሱ ውስጥ ስለሆነ ክርኑ ወደ ውጭ ወጥቷል። 2960 ፒክሰል ወርድ ክርኑን ከነአየሩ ይይዘዋል ወይ? መስመሩ ክርኑን ከነካው ወይም ከጨረፈው ፎቶውን ወደዚያ ጎን ገፋ አድርጉት፤ ሰውየው ትክክል መሐል ላይ ባይሆንም ምንም አይደለም። ክርንና ጠርዝ ሲነካኩ ሰውየው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ይመስላል፣ ዓይንም እዚያች ነጥብ ላይ ይቀራል። ክርኑን እንቁረጠው ብትሉ ደግሞ የላይኛው ክንድና የታችኛው ክንድ ለየብቻቸው ከጠርዙ የሚበቅሉ ሁለት ግንዶች ይሆናሉ። በክንዱና በጎኑ መካከል ያለው ባዶ ሦስት ማዕዘን ተዘግቶ ሲታይ ነው አቋሙ የሚያምረው፤ ስለዚህ ወገቡን የያዘ ወይም እጁን ኪሱ የከተተ ሰው ክርኑ ሙሉ ሆኖ ይቅር።

ስድስተኛ፣ አሳንሳችሁ እዩት። ፎቶውን በስክሪኑ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል አድርጉት። ሲያንስ ዝርዝሩ ይጠፋል፣ የሰውየው ቅርጽ ብቻ ይቀራል። ጉቶ ካለ እዚህ ላይ ጎልቶ ይወጣል።

እጅ ሲታጠፍና ሰው ሲቀመጥ

ከላይ ያልነው ልክ እጁን ለለቀቀ ሰው ነው። እጁን ደረቱ ላይ ካጣመረ ነገሩ ይቀላል፤ ከወገብ በታች የሚንጠለጠል እጅ ስለሌለ ከጭን መሐል ጀምሮ ያለው ሰፊ ቦታ ነፃ ይሆናል። ያኔ የሚያሰጋው ከታች ሳይሆን ከጎን ነው፤ ክርኖቹ በሁለቱም በኩል ይወጣሉና አየር ይፈልጋሉ። ከታችም ከክንዶቹ ሥር በደንብ ወረድ ብላችሁ ቁረጡ፤ ጠርዙ የተጣመረውን ክንድ ከታች ሲጨርፈው ሰውየው አጥር ላይ የተደገፈ ይመስላል።

የተቀመጠ ሰው ሲሆን ጭኑ ወደ ካሜራው ይመጣል፣ ጉልበቱም ከፊት ይሆናል። እዚህ ላይ ጭን መሐል የሚባለው ሕግ አይሠራም። ወደ እናንተ የሚመጣ ጭን ሲቆረጥ ሥጋው ሁሉ ጠርዝ ላይ ይከማችና ሰውየው ያለ ልኩ ይወፍራል። ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው ጉልበቶቹን ከነእጆቹ አስገብቶ ባት ላይ መቁረጥ ነው፤ እናቶችና አባቶች ሲቀመጡ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ስለሚያሳርፉ ይህ ብዙ ጊዜ ይስማማል። ሁለተኛው ጭኑን ጨርሶ ትቶ ደረት ላይ መቁረጥ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ቦታ ብዙ አያስደስትም።

ከሰው መሐል ሰው ሲወጣ

ፎቶ ቤት በብዛት የሚመጣው ጥያቄ ይህ ነው፦ ከሠርግ ወይም ከምርቃት የቡድን ፎቶ ላይ የአንድ ሰው ፊት አውጣልኝ። በተለይ ለለቅሶ ሲሆን ሌላ ፎቶ አይኖርም፣ ጊዜም አይኖርም። ችግሩ አጠገቡ የቆመው ሰው ትከሻው ላይ ያሳረፈው እጅ ነው። ጎረቤቱ ተቆርጦ ሲወጣ አራት ጣቶች ባለቤት አጥተው ትከሻው ላይ ይቀራሉ። መስመሩን ከጣቶቹ በላይ ማሳረፍ ትከሻውን ያሳጣናል፣ ወደ አንገትም ይጠጋል፤ አንገት ላይ የተቆረጠ ፊት ደግሞ ተንሳፋፊ ጭንቅላት ነው። እንዲህ ሲገጥመኝ ጎኑን አጥብቤ በትከሻው መሐል እቆርጣለሁ፣ ከታች ግን እስከ ደረቱ እተዋለሁ። ጣቶቹ በአንድ በኩል ከትከሻው ጫፍ ጋር ይወጣሉ። አንዱ ትከሻ ሙሉ ሆኖ ሌላው ቢቆረጥ ጥፋት የለውም፤ ሁለቱም በአንገቱ ሥር ሲቆረጡ ነው የሚከፋው።

ቡድኑ እንዳለ ሲከረከም ደግሞ አንድ መስመር የሁሉንም እግር አይስማማውም። ለአባት ጭን መሐል የሆነው ለሁለት ዓመት ልጁ አገጭ ሊሆን ይችላል። ልጅ ከፊት ካለ ልጁ ሙሉ ይሁን፤ አዋቂዎቹ በዚያ ይወሰኑ። ሁሉም አዋቂ ከሆነ በሙሽሮቹ ወይም በዋናው ሰው ልክ ቁረጡና ከዳር ያሉት ጥቂት ቢዛነፉ ታገሡ።

ልብስም መገጣጠሚያ አለው

የሀበሻ ቀሚስ የለበሰች ሴት ጉልበቷ አይታይም፤ ስለዚህ ጨርቁ መሐል ላይ ብትቆርጡ ጉቶ አይመጣም። ነገር ግን ከታች ያለው ጥለት አለ። ጥለቱን መሐል ለመሐል የሰነጠቀ ጠርዝ ቀሚሱን ያበላሸዋል። ወይ ጥለቱን ከነእግሯ አስገቡት፣ ወይ ከሱ በደንብ ከፍ በሉ። እጅጌውና ቀሚሱ የሚያበቁበት ቦታም እንደ መገጣጠሚያ ነው። ጠርዙ ልክ አጭር እጅጌው የሚያልቅበት ላይ ካረፈ ልብሱ የት እንዳበቃ አይታወቅም። ትከሻና አንገቷ የተገለጠ ቬሎ የለበሰች ሙሽራ ላይ ይህ ከባድ ነው፦ ከቬሎው በላይ ከቆረጣችሁ ያልለበሰች ትመስላለች። ቢያንስ አንድ መዳፍ ያህል የቬሎው ጨርቅ ይታይ።

እጁ ራሱ ዋናው ጉዳይ ሲሆን፣ ለምሳሌ እንሶስላ የሞቀች ሙሽራ እጆቿን ስታሳይ፣ አንጓውን አልፋችሁ ክንዱ መሐል ድረስ ተዉ። አንጓው በፎቶው ውስጥ ካለ እጁ የሰው ሆኖ ይቀራል።

አንድ ሰው እጁን ወይም እግሩን በእውነት ያጣ ከሆነ ይህ ሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ክንድ መሐል ላይ ስትቆርጡ የሌለውን እጅ ተመልካቹ አለ ብሎ ይሞላዋል፤ ሰውየው ይህን ይፈልግ አይፈልግ የሚያውቀው እሱ ነው። ጠይቁት። እንዲታይ ከፈለገ ከጠርዙ ርቆ፣ ዙሪያውን አየር ኖሮት ይታይ፤ የእጁ ማብቂያ ጠርዙ ላይ ሲያርፍ የሰውየው አካል እና የኛ ስሕተት ይደባለቃሉ።

ራስና አገጭ

ፊት በጣም ሲቀርብ የራስ አናት ቢቆረጥ ችግር የለውም፤ ራስ ክብ ስለሆነ ዓይን ይጨርሰዋል። ፀጉሩ የሚጀምርበት መስመር ላይ ግን አትቁረጡ፣ ግንባር መሐል ወይም ፀጉሩ ውስጥ ይሁን። አገጭ በምንም መልኩ አይቆረጥም። ሹሩባ የተሠራች ወይም ጎፈሬ ያላት ከሆነች ፀጉሯን ሙሉ ተዉላት፤ ለዚያች ቀን የደከመችበት ነው።

ለጉርድ ፎቶ ትከሻዎቹ ሁለቱም ይግቡ፣ ከታች ከብብት ትንሽ ዝቅ ይበል። ለቴሌግራም ፕሮፋይል ሲሆን ደግሞ ፎቶው ክብ ሆኖ እንደሚታይ አስቡ። አራቱ ማዕዘኖች ይጠፋሉ፣ ትከሻዎቹም ያሉት የታችኞቹ ማዕዘኖች ላይ ነው። በካሬው ሲታይ ደህና የነበረው ክቡ ውስጥ አንገት ብቻ ይቀረዋል። ስለዚህ ራሱን ከለመዳችሁት አሳንሱት፣ ደረቱም እስከ መሐሉ ድረስ ይግባ።

ስታነሡ የምትተዉት ቦታ

የሚዜው ፎቶ ሙሉ ሆኖ በ4 ለ5 ሊገባ ያልቻለው ስናነሣው ፍሬሙን ስለሞላው ነው። አብዛኛው የፎቶ ካሜራ 2 ለ3 ነው የሚያነሣው፤ ወደ 4 ለ5 ስትቀይሩት ከቁመቱ አንድ ስድስተኛው ይሄዳል። ስለዚህ ሙሉ ቁመና ስታነሡ ሰውየው ከፍሬሙ ቁመት ሦስት አራተኛውን ብቻ ይያዝ። በ6000 ፒክሰል ፎቶ ላይ 4500 ማለት ነው፤ የፎቶው ቁመት ወደ 5000 ሲከረከም ከላይና ከታች 250፣ 250 ይተርፋል። እጁን ኪሱ የከተተውን ደግሞ አውራ ጣቱን ውጭ እንዲያስቀር ንገሩት፤ አለዚያ አንጓው ኪሱ አፍ ላይ ተቆርጦ ይታያል፣ ይህን ደግሞ ምንም ክሮፕ አያስተካክለውም።

ሲነሣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ተቆርጦ የመጣ ፎቶ ካላችሁ እንዳለ አትተዉት። ወደ ባት፣ ወይም በጣቶቹና በጉልበቱ መካከል ወዳለው ቦታ ውጡ። በጎን አንጓው የተቆረጠ እጅ ካለ ክንዱ መሐል ድረስ አጥብቡ። የምትሠሩት ቅጂው ላይ ይሁን። Photoshop ላይ `C` ስትጫኑ ከላይ `Delete Cropped Pixels` የሚለውን ምልክት አንሱና በ`PSD` አስቀምጡት፤ ነገ ሌላ ልክ ያለው ፍሬም ሲመጣ የተደበቀው እግር እዚያው ይጠብቃችኋል።